ለወራት ባዶውን የቆየ ስልክ ቻርጅ አልቀበል፣ አልበራም ሲል፦ በዝግታ የማንቃት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ስልክ ባሕር ዳር ባለው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ፈትተው አስቀመጡልኝ። ስልኩ የባለቤታቸው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስምንት ወር ያህል ማንም ሳይነካው ቆይቷል። "ልጄ፣ ሦስት ቤት ወስጄው ሦስቱም ሞቷል አሉኝ። ፎቶው ያለው ግን በእርሱ ላይ ብቻ ነው" አሉኝ። እዚያው እያሉ ምን እንደተደረገ ስጠይቃቸው፣ በሦስቱም ቦታ የተደረገው ተመሳሳይ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ቻርጀር ተሰክቷል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተጠብቋል፣ ማብሪያው ደጋግሞ ተጭኗል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ስለቀረም ስልኩ ተመልሶላቸዋል።

ስልኩ በዚያው ዕለት ከምሳ በፊት በራ። ምንም አልተፈታም፣ ምንም አልተቀየረም። የተለየው የኃይል ምንጩ አመራረጥና የመጠበቂያው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ ያስረዳል። የሚመለከተውም ባትሪው ጨርሶ ተሟጥጦ ለሳምንታት ወይም ለወራት የተቀመጠን ስልክ እንጂ ውኃ የገባበትን ወይም ወድቆ የተሰበረን አይደለም።

በባትሪው ውስጥ ምን ሆኗል?

የስልክ ባትሪ ሲሞላ እንደ ዓይነቱ ከ4.2 እስከ 4.45 ቮልት ይደርሳል። ስልኩ "ባትሪ አልቋል" ብሎ ራሱን የሚያጠፋው ወደ 3.3 ወይም 3.4 ቮልት ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ዜሮ ከመቶ ሲል ባትሪው ገና ፍጹም ባዶ አይደለም፣ ለጥንቃቄ የተተወ ጥቂት ቅሪት አለው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የጠፋ ስልክ እንኳ ሰዓቱን ለመቁጠርና ማብሪያው መነካቱን ለመጠበቅ እጅግ ጥቂት ኃይል ይወስዳል፤ ባትሪውም በራሱ ቀስ በቀስ ይሰርጋል። ወራት ሲያልፉ ቮልቱ ከ3 በታች ይወርዳል። ወደ 2.5 ቮልት ገደማ ሲደርስ ደግሞ በባትሪው አናት ላይ ያለችው ትንሽዬ የመከላከያ ሰሌዳ መስመሩን ትቆርጠዋለች፤ ይህን የምታደርገውም ባትሪው ከዚያ በታች ወርዶ እንዳይጎዳ ነው።

እንዲህ ባለው ስልክ ላይ ቻርጀር ሲሰካ፣ በስልኩ ውስጥ ያለው ቻርጅ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የባትሪውን ቮልት ይለካል። እጅግ ዝቅ ብሎ ካገኘው እንደ ጤነኛ ባትሪ ሙሉውን ኃይል አይለቅበትም። ከሕመም የተነሣን ሰው በአጥሚት እንጂ በጥሬ ሥጋ እንደማንጀምረው ሁሉ፣ ተቆጣጣሪውም ቮልቱ ወደ 3 ገደማ እስኪደርስ ድረስ የሚሰጠው ጥቂት ብቻ ነው፤ በብዙ ስልኮች ላይ ከ50 እስከ 200 ሚሊ አምፔር ያህል። በተዳከመ ባትሪ ላይ ከፍተኛ ኃይል ቢለቀቅ ውስጡን ያሞቀዋል፣ ይጎዳዋልም።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ስክሪኑንና አንጎለ ኮምፒውተሩን ለማንቃት ይህች ጥቂት ኃይል አትበቃም፤ ስለዚህ ስልኩ ቻርጅ እየተቀበለ እንኳ አንዳች ምልክት ላያሳይ ይችላል። ቆይታው ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። "ሞቷል" ከሚባሉትና ወደ እኔ ከሚመጡት ስልኮች መካከል ብዙዎቹ በዚህ ጨለማ ጊዜ ውስጥ ተስፋ የተቆረጠባቸው ናቸው።

ከመሰካት በፊት

መጀመሪያ ሽፋኑን አውልቁና ስልኩን በጠፍጣፋ መስተዋት ወይም በሴራሚክ ላይ በጀርባው አስተኙት። ጫፉን በጣት ሲነኩት እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ከሆነ፣ የጀርባው ክዳን ከጎኑ ተከፍቶ ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ስክሪኑ ከመሐል ወደ ላይ ከተገፋ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ በምንም መንገድ ቻርጅ አይደረግም። ጣፋጭ መሳይ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚያስታውስ ሽታ ከሸተታችሁም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ቀሪው ሥራ ባትሪውን በባለሙያ ማስወጣትና ሌላ ማስገባት ነው፤ ራሳችሁ በቢላ ወይም በመፍቻ ልትፈለቅቁት አትሞክሩ፤ የተወጋ ባትሪ በቅጽበት ሊቀጣጠል ይችላልና።

ቀጥሎ የቻርጅ መሰኪያውን ቀዳዳ በሌላ ስልክ መብራት ተመልከቱ። በኪስ ወይም በሣጥን የከረመ ስልክ ቀዳዳው ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ ኬብሉ እስከ መጨረሻው የማይገባ ወይም ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በእንጨት ስቴኪኒ፣ ግድግዳውን ተከትላችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ጥረጉት። መርፌ አትጠቀሙ፤ በታይፕ ሲ ቀዳዳ መካከል ያለችው ቀጭን ምላስ ከታጠፈች ወይም ሁለት ነጥቦች በብረት ከተገናኙ ቀላሉ ችግር ከባድ ይሆናል። በቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካያችሁ ግን አቁሙ፤ እርጥበት ገብቶበት ነበር ማለት ነውና ሳይጸዳ ኃይል ሊገባበት አይገባም። በታንኳና በጀልባ የሚመላለስ ሰው ስልክ ላይ ይህን ደጋግሜ ስለማይ በተለይ እንድትመለከቱት አሳስባለሁ።

ስልኩ በፀሐይ ከመጣም ለግማሽ ሰዓት ያህል በጥላ ይቀመጥ። የስልክ ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው ሙቀቱ ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል፤ ተቆጣጣሪውም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቻርጁን ይከለክላል።

የኃይል ምንጩ አመራረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ኃይለኛ ቻርጀር አይደለም፤ የሚፈለገው ሳይቋረጥ የሚሰጥ ነው። ተራ ባለ 5 ቮልት፣ 1 ወይም 2 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር፣ በሌላ ስልክ ላይ በዚያው ሰዓት መሥራቱ ከተረጋገጠ ከአጭር ኬብል ጋር ከበቂ በላይ ነው። ፈጣን ቻርጀር ብትሰኩም ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ስልኩ ነቅቶ ከቻርጀሩ ጋር እስኪነጋገር ድረስ የሚያገኘው ያንኑ 5 ቮልት ስለሆነ ጥቅም አይሰጥም።

ፓወር ባንክ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምክንያቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ኃይል እጅግ ሲያንስ "ምንም አልተሰካብኝም" ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ይህ ገደብ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ነው። የተሟጠጠ ስልክ በመጀመሪያው ደረጃ የሚስበው ደግሞ ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፣ ሰውየውም ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ አድሮ ጠዋት "ስልኩ አልቀበልም አለ" ይላል። በእርግጥ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ በወጉ አልተሰጠውም።

በሐይቁ ደሴቶችና ከከተማው ራቅ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ደንበኞቼ ደግሞ በትንንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይሞክራሉ። ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይቆረጣል፣ ሲመለስም ብዙ ስልኮች እንደ አዲስ እንደተሰኩ ቆጥረው ለመንቃት ይሞክራሉ፤ ያጠራቀሟትን ጥቂት ኃይልም በዚያው ሙከራ ያጠፏታል። ሰሌዳው ትልቅ ባትሪ የሚሞላና ከባትሪው የሚሰጥ ከሆነ ይሠራል፤ በቀጥታ ከሰሌዳው ከሆነ ግን ጤነኛ ስልክ ለመሙላት እንጂ የተሟጠጠ ለማንቃት አይመከርም።

ስለ ኬብሉም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ላይ ቻርጀሩ፣ ከወዲያ በኩል ስልክ መኖሩን የሚያሳውቅ ምልክት እስካላገኘ ድረስ ምንም ኃይል አይለቅም። ጤነኛ ስልክ ባትሪው ባዶ ቢሆንም ይህን ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን መሰኪያው ያረጀ ወይም በርካሽ የተሠራ ከሆነ ላይሰጥ ይችላል። በአንዱ ጫፉ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ፣ በሌላው ታይፕ ሲ የሆነውን ኬብል ስትጠቀሙ ግን ሰፊው ጫፍ የሚሰካበት ቻርጀር ማንንም ሳይጠይቅ 5 ቮልቱን ይሰጣል። አንድ ሳምንት ሙሉ ያልነቃ ስልክ ኬብሉን በመቀየር ብቻ ሲነቃ አይቻለሁና ይህን ሳትሞክሩ ወደ ጥገና አትሂዱ።

መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩ። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰም ቻርጀሩን ወዲያው አትሰኩ፤ ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ለቻርጀሩም ለስልኩም ይበጃል።

የጨለማው ሰዓት

አሁን ስልኩን በሴራሚክ ወለል ወይም በሸክላ ሳህን ላይ፣ ከመጋረጃ፣ ከፍራሽና ከሰሌን ምንጣፍ ርቆ አስቀምጡት። ይህን በቀን፣ ሰው በቤት ባለበት ጊዜ አድርጉት፤ ለረጅም ጊዜ ተሟጥጦ የቆየ ባትሪ በመጀመሪያው ቻርጅ ላይ ሰው ሊጠብቀው ይገባል። ሲም ካርዱን ማውጣት አያስፈልግም። መጀመሪያ ቻርጀሩን በሶኬቱ፣ ከዚያ ኬብሉን በስልኩ ሰኩ፤ ሰዓቱን መዝግቡ።

ከዚህ በኋላ ለአንድ ሙሉ ሰዓት ማብሪያውን አትጫኑ። እያንዳንዱ መጫን ስልኩን ለመንቃት ይቀሰቅሰዋል፣ የመንቃቱ ሙከራም በደቂቃዎች የተጠራቀመውን በሴኮንዶች ይበላል። በየ15 ደቂቃው በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መዳሰስ ብቻ በቂ ነው፤ ለብ ማለቱ ደኅና ነው። ለመያዝ የሚያስቸግር ትኩሳት ከተሰማችሁ ወይም ጀርባው ማበጥ ከጀመረ ከሶኬቱ ንቀሉና ስልኩን ከሚቀጣጠል ነገር አርቁ። ጭስ ከወጣ ኃይሉን ቆርጣችሁ ከክፍሉ ውጡ፣ ጭሱንም አትተንፍሱት፤ መርዛማ ነው።

ለዚህ ሥራ እጅግ የሚረዳው መሣሪያ በቻርጀሩና በኬብሉ መካከል የሚሰካ፣ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ነው። ባይኖራችሁም መመሪያው ይሠራል፤ ቢኖራችሁ ግን ጥቁሩ ስክሪን የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። የእኒያን እናት ስልክ ስሰካው የነበረውን ሂደት በዝርዝር ላሳያችሁ። ስልኩ 4000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው አንድሮይድ ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ስሰካው መለኪያው 5.1 ቮልትና 0.07 አምፔር አሳየ፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ይህች 0.07 ስልኩ አለመሞቱን የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ምልክት ነበረች፤ ተቆጣጣሪው ባትሪውን አግኝቶ ጥቂት በጥቂት እየሰጠው ነበር። እናቲቱ "አሁንም ጥቁር ነው እኮ" ሲሉኝ ቁጥሯን አሳየኋቸው፤ "እየጠጣ ነው እማማ፣ ግን በማንኪያ ነው" አልኳቸው። ለግማሽ ሰዓት ያህል በ0.07 እና በ0.08 መካከል ቆየ። 3 ሰዓት ከ54 ላይ በአንድ ጊዜ ወደ 0.42 ዘለለ፣ ወዲያውም ቀይ መስመር ያለበት የባትሪ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። ይህ ዝላይ ባትሪው ወደ 3 ቮልት ደርሶ ተቆጣጣሪው መደበኛውን ቻርጅ መጀመሩን ያሳያል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 1.1 አምፔር ላይ ተረጋጋ።

የእናንተ መለኪያ ሌላ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ 0.00 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ኃይሉ ጨርሶ አልገባም፤ ኬብል፣ ቻርጀርና የመሰኪያ ቀዳዳ በተራ ይፈተሹ። ቁጥሩ በየጥቂት ሴኮንዱ ወደ ላይ እየዘለለ ተመልሶ ከወደቀ ስልኩ ለመንቃት እየሞከረ እየከሸፈበት ነው። ከጅምሩ ከፍተኛ ቁጥር አሳይቶ ከስክሪኑ ጀርባ አንድ ቦታ ብቻ ቶሎ ቢሞቅ ደግሞ ችግሩ ከባትሪው አልፎ በሰሌዳው ላይ አጭር ግንኙነት ሊኖር ስለሚችል ወዲያው ንቀሉት።

አንድ ሰዓት አልፎ ምንም ምልክት ከሌለ ኬብሉን ለአንድ ደቂቃ ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት። ብዙዎቹ ተቆጣጣሪዎች ለዚህ ዝግተኛ ደረጃ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ባትሪው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ ለደኅንነት ሲባል ቻርጁን ያቆሙታል፣ እንደገና የሚጀምሩትም ኬብሉ ሲነቀልና ሲሰካ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ መድገም ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ማስገደድ ግን ተቆጣጣሪው ሊከላከል የሞከረውን አደጋ መጋበዝ ይሆናል።

የመጀመሪያው ብርሃን

የባትሪው ሥዕል ሲታይ ወዲያው ለማብራት መቸኮል ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት ነው። ስልክ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚስበው ኃይል ከቻርጀሩ ከሚመጣው ሊበልጥ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ባትሪው ገና ደካማ ከሆነ ቮልቱ በአንድ ጊዜ ይወድቅና የአምራቹ አርማ ታይቶ ይጠፋል፣ እንደገና ይታያል፣ እንደገና ይጠፋል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብለው ስልኩን እንደ አዲስ ያስጭናሉ፣ ፎቶውና መልእክቱም በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከታየ በኋላ ቢያንስ ለተጨማሪ 45 ደቂቃ ጠፍቶ እንዲሞላ ተዉት። ስልኩ በራሱ ደጋግሞ እየተነሣ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑን ኬብል በአጭርና በወፍራም፣ ባለ 1 አምፔሩን ቻርጀር በ2 አምፔር ቀይሩት፤ በዚህ ደረጃ ላይ ቀጭን ኬብል በመንገዱ ቮልት ያባክናል።

ሥዕሉ ታይቶ፣ መቶኛውም ጨምሮ ስልኩ አሁንም ካልተነሣ በግድ ማስነሣት ይሞከራል፤ ይህ በስልኩ ውስጥ ያለን ምንም ነገር አያጠፋም። በሳምሰንግ ላይ ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ለአስር ሴኮንድ ያህል መያዝ ነው። በአይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ መልቀቅ፣ ድምፅ መቀነሻውን ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያ የጎን ማብሪያውን አርማው እስኪታይ ድረስ መያዝ ነው። በአብዛኞቹ ሌሎች አንድሮይዶች ማብሪያውን ብቻ እስከ 30 ሴኮንድ መያዝ ይበቃል። ኬብሉ በዚህ ጊዜ ሁሉ እንደተሰካ ይሁን።

የዘጌዋን እናት ስልክ 5 ሰዓት ላይ ከኬብሉ ሳልነቅል ማብሪያውን ተጫንኩት፤ 22 ከመቶ አሳይቶ ተነሣ።

ከበራ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች

ተጠፍቶ የተነሣ ስልክ የጣት አሻራም ሆነ የፊት መለያ አይቀበልም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ ቁጥሩን የሚያውቀውን ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ። በግምት ደጋግሞ መሞከር ስልኩን ሊቆልፈው ይችላል። ለእኒያ እናት ቁጥሩን ልጃቸው በስልክ ነገረን።

ሌላው ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ቀኑና ሰዓቱ መሳሳቱ ነው። ባትሪው ፍጹም ሲሟጠጥ የስልኩ ሰዓት ቆጣሪም ስለሚቆም ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ሊያሳይ ይችላል። ቀኑ ካልተስተካከለ ዋይፋይ ተገናኝቶ ሳለ የኢንተርኔት መፈለጊያውና ሌሎች ብዙ መተግበሪያዎች አንገናኝም ይላሉ፤ የግንኙነቱ የደኅንነት ማረጋገጫ በቀን የሚሠራ ነውና። በሴቲንግ ውስጥ ቀኑን አስተካክሉት፣ ይፈታል።

ከዚያ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ ፎቶዎቹን አውጡ። ስልኩ ነገም እንደሚበራ ገና ማረጋገጫ የለም። በአሁኖቹ ስልኮች ላይ ያለው መረጃ የተመሠጠረ ስለሆነ፣ ስልኩ ራሱ ተነሥቶ ቁጥሩ ካልገባለት በቀር ከማስታወሻ ቺፑ ላይ ነቅሎ ማንበብ አይቻልም፤ ያለው ዕድል ስልኩ በበራበት ሰዓት ነው። እኛ ከ200 በላይ ፎቶ በሜሞሪ ካርድ ላይ ገለበጥንና ከመካከላቸው አንዱን፣ ባለቤታቸው በጀልባው ጫፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡበትን፣ እናቲቱ ወደ ጀልባቸው ከመሄዳቸው በፊት በወረቀት አሳተምንላቸው። ስልኩን ግን እናቲቱ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ፤ ቀሪው ፍተሻ ጊዜ ይፈልጋልና።

ሳይነቃ ሲቀር

ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ስልክ ካላችሁ ፍተሻው ይቀላል። መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ቮልት 20 ላይ አድርጋችሁ፣ በባትሪው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸውን ነጥቦች ለኩ። ከ3.4 ቮልት በላይ ካሳየ ባትሪው ጥፋተኛ አይደለም፤ ችግሩ በማብሪያው፣ በመሰኪያው ወይም በሰሌዳው ነው። ከ2.5 እስከ 3.3 ከሆነ በላይ የተገለጸው ዝግተኛ መንገድ በአብዛኛው ይሠራል። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ካሳየ ግን ወዲያው ባትሪው ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ፤ የመከላከያዋ ሰሌዳ በሩን ዘግታ ሊሆን ስለሚችል ከውጭ የምትለኩት የተዘጋውን በር እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። ባትሪውን ወደ ስልኩ መልሳችሁ ለግማሽ ሰዓት ቻርጅ አድርጉና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ በሩ ተከፍቷል። እንደነበረ ከቀረ ባትሪው ይቀየር።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። የቻርጀር ሽቦ ቆርጦ በቀጥታ በባትሪው ላይ ማስነካት፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ወይም ሌላ የሞላ የስልክ ባትሪ በሽቦ ማገናኘት በየመንገዱ የሚሠራ "መቀስቀሻ" ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ አደገኛ የሆነውም ለዚሁ ነው። የባትሪው እውነተኛ ቮልት ከ2 በታች ወርዶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ሲሞላ ያ የሟሟ መዳብ በሌላ ቦታ እየረጋ በሁለቱ ወገኖች መካከል ድልድይ ይሠራል። ባትሪው በዕለቱ የተሳካለት ይመስልና ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በውስጡ ይነካካል፣ ይሞቃል። ተቆጣጣሪው አልሞላም ያለው ባትሪ ላይ መከላከያውን አልፎ መሄድ ለዚህ በር መክፈት ነው። ባትሪውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደርም የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ሲወጣ የሚይዘው ጤዛ ግን ሰሌዳውን ያዝገዋል።

የነቃውን ባትሪ መፈተሽ

ስልኩን ጠፍቶ እንዳለ እስከ 100 ሙሉት፤ ከዚያ ከኬብሉ ነቅላችሁ እንደጠፋ ለ24 ሰዓት አስቀምጡት። ጤነኛ ባትሪ በጠፋ ስልክ ላይ በአንድ ቀን የሚያጣው ከ1 ወይም ከ2 ከመቶ አይበልጥም። 5 ከመቶና ከዚያ በላይ ከጎደለ በውስጡ የሚያፈስ ነገር አለ፤ ለሌሊት ቻርጅ ሊታመን አይገባም። ቀጥሎ እንደ ወትሮው ተጠቀሙበትና የመቶኛውን አወራረድ ተከታተሉ። ለረጅም ጊዜ ተሟጥጦ የቆየ ባትሪ መቶኛ መቁጠሪያው ስለሚዛነፍ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ቢዘል አያስደነግጥም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሲወርድ ይስተካከላል። በሦስተኛው ዙር ላይ አሁንም ከ30 ወደ 10 በአንድ ጊዜ ከወደቀ ግን ጉድለቱ በመቁጠሪያው ሳይሆን በባትሪው ነው።

እኔ ዘንድ የቀረው ስልክ በ24 ሰዓት 6 ከመቶ ጎደለ፣ በሦስተኛው ዙርም ካሜራውን ስከፍተው ከ34 ወደ 9 ወርዶ ጠፋ። ስምንቱ ወር ባትሪውን ጎድቶታል፤ ፎቶዎቹን ለማውጣት በቅቷል፣ ለዕለት አገልግሎት ግን አይበቃም። ቅዳሜ ሲመለሱ ይህን ነገርኳቸውና ባትሪው ተቀየረ።

ስልኩን ተመልሰው ወደ ሣጥኑ እንደሚያስገቡት ስለነገሩኝ እንዴት እንደሚቀመጥም አሳየኋቸው። ሙሉ ሞልቶም፣ ጨርሶ ባዶ ሆኖም አይቀመጥም፤ 50 ከመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ይጠፋና ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። አፕል ለራሱ ስልኮች የሚመክረው በየስድስት ወሩ ወደ ግማሽ መልሶ መሙላት ነው፤ ባትሪው ላረጀ ስልክ ግን እኔ በየሦስት ወሩ እላለሁ። እናቲቱ ቀን መቁጠር እንደሚያስቸግራቸው ስለነገሩኝ በበዓላት ተስማማን፤ ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ከሣጥኑ ይወጣል፣ እስከ ግማሽ ይሞላል፣ ፎቶው ይታያል፣ ጠፍቶም ተመልሶ ይገባል። ከፋሲካ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ስለሚረዝም በሐምሌ መሐል አንድ ጊዜ እንዲጨምሩ በወረቀት ጽፌ ከስልኩ ጀርባ፣ በሽፋኑ ውስጥ አስገባሁላቸው።